ለአንድ የባልትና ቤት የኮንቴንት ምሰሶ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅታ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ የምትሸጥ አንዲት የአዲስ አበባ ባልትና ቤት አለች እንበልና በእሷ ምሳሌነት እንሂድ።

ኮንቴንት ፒላር ምንድን ነው?

የይዘት ምሰሶ ወይም ኮንቴንት ፒላር የሚባለው አንድ ብራንድ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስባቸው ጥቂት ርዕሰ ጉዳዮች ናቸው። ሰው ፔጁን ሲያስታውስ «እነሱ ስለዚህ ስለዚህ ነው የሚያወሩት» ብሎ መናገር ከቻለ ምሰሶ አለው ማለት ነው። ለባልትና ቤታችን አንዱ ምሰሶ የቅመም አዘገጃጀት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ወጥ አሠራር።

ጥቅሙ የሚታየው ሰኞ ጠዋት ላይ ነው። ምሰሶ የሌለው ሰው ስልኩን ይዞ «ዛሬ ምን ልፖስት?» ይላል፤ መጨረሻ ላይ የሽሮ ከረጢት ፎቶ አንስቶ «ትኩስ ሽሮ አለን፣ ይደውሉ» ብሎ ይለጥፋል። በማግስቱም ያው ነው። በዚህ መንገድ ፔጁ ሳያውቀው ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

ማስተማር፣ ማዝናናትና መሸጥ ራሳቸው ሦስቱ ምሰሶዎች አይደሉም?

ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጎ ነው የሚያቅደው፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምሰሶ የሚመልሰው «ስለ ምን እናወራለን?» የሚለውን ነው። ማስተማር፣ ማዝናናትና መሸጥ የሚመልሱት ደግሞ «ይህንን ፖስት ለምን አወጣነው?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ አስተማሪው ፖስት ስለ ቫይታሚን ያወራል፣ አዝናኙ ከኢንተርኔት የተለቀመ ቀልድ ይሆናል፣ የሽያጩ ስለ ሽሮ ያወራል። ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም። በቀልዱ የመጣ ተከታይ ሽሮ ፈልጎ አልመጣምና የሽያጩን ፖስት ሲያይ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች ምሰሶዎቹን፣ ወደ ጎን ሦስቱን ዓላማዎች ጻፉ። እያንዳንዱ ምሰሶ ሦስቱንም መሸከም አለበት። ሽሮን ብቻ ብንወስድ፣ «ሽሮ ለምን ይጓጉላል?» ማስተማር ነው። «ወፍራም ሽሮ ወይስ ቀጭን?» ብሎ ሕዝቡን ማከራከር ማዝናናት ነው። «የዚህ ሳምንት ሽሮ ትናንት ተፈጭቶ ገብቷል፣ ግማሽ ኪሎና አንድ ኪሎ አለ» መሸጥ ነው። ሦስቱም ሽሮ ናቸው። በአንዱ የመጣ ሰው በሌላውም ይቆያል።

አንድ ምሰሶ ሦስቱንም መሸከም ካቃተው ምናልባት የእናንተ ርዕስ አይደለም። «የጠዋት መልካም ምኞት» የሚል ምሰሶ አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ ሊሸጥ አይችልም።

ለአንድ ትንሽ ብራንድ ስንት ምሰሶ ይበቃል? ከየትስ ይገኛል?

ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ስድስት ካደረጋችሁት በሳምንት አምስት ፖስት የምታወጡ ከሆነ አንዱ ምሰሶ በወር አራቴ እንኳ አይደርሰውም። ተከታይ ደግሞ እንዲህ አልፎ አልፎ የሚመጣን ነገር አይለምደውም።

የሚገኙት ከደንበኛ ጥያቄ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የኢንቦክስና የቴሌግራም መልእክቶች ክፈቱ። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ በትንንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሚመሳሰሉትን ሰብስቡ። ስልክ የሚያነሳው ሰው ካለ እሱንም ጠይቁት፤ የሚያማርረው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ምርጡ ምሰሶ ነው።

በባልትና ቤታችን አራት ክምር ወጣ እንበል። የመጀመሪያው «ውስጡ ምን ምን አለው? ኮረሪማ ገብቶበታል? ዛላው የማረቆ ነው?» ነው፤ ይህ የአዘገጃጀት ምሰሶ ይሆናል። ሁለተኛው «ለአንድ ዶሮ ስንት ማንኪያ?» አይነት ነው፤ የወጥ ቤት ምሰሶ እንበለው። ሦስተኛው ጾምና በዓል ነው። አራተኛው ትንሽ ቢሆንም ቁም ነገር አለው፦ «ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ታሽጉልናላችሁ?» የመንገደኛ ምሰሶ ነው። አምስተኛ ክምር ዋጋና አድራሻ የሚጠይቅ ይሆናል። እሱ ምሰሶ አይደለም፤ ፔጁ አናት ላይ ፒን የሚደረግ ፖስት ነው።

ከመቶ ስንቱ ማስታወቂያ ይሁን? 80 በ20 የሚባለው እውነት ነው?

80 በ20 ማለት ከአምስት ፖስት አንዱ ብቻ ይሽጥ ማለት ነው። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ሕግ ግን አይደለም። ሁለት ነገር ይለውጠዋል። አንደኛው ሰው ዕቃውን በየስንት ጊዜው እንደሚገዛ ነው። ሽሮ በየወሩ ያልቃል፤ ስለዚህ «አለን» ብሎ ማስታወስ ራሱ ለደንበኛው አገልግሎት ነው። ሶፋ የሚሸጥ ሰው ይህንን ያህል ቢደጋግም ያሰለቻል። ሁለተኛው ተከታዮቹ ምን ያህል ያውቋችኋል የሚለው ነው። ገና ያልገዛ ሕዝብ የበዛበት ፔጅ ብዙ ማስተማር ይፈልጋል።

በሳምንት አምስት ፖስት ከሆነ በአራት ሳምንት 20 ነው። ለባልትና ቤታችን እኔ የምጀምረው በ9 አስተማሪ፣ በ6 አዝናኝና በ5 የሽያጭ ነው። ማስተማሩ የበዛው ምክንያት አለው፦ የተፈጨ ነገር ውስጡ አይታይም። ገዢው የሚፈራው ያልታየውን ነው። ስለዚህ በርበሬው እንዴት እንደተዘጋጀ የሚያሳይ ቪዲዮ ግማሹን የሽያጭ ሥራ ይሠራል። ልብስ የሚሸጥ ሰው ይህ ፍርሃት የለበትም፤ የእሱ ቁጥር ሌላ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አስተማሪ ቪዲዮ ሠርታችሁ መጨረሻው ላይ «ለማዘዝ 09…» ብላችሁ አንድ ደቂቃ ካወራችሁ እሱን በሽያጭ ቁጠሩት። ሚዛን የሚዛባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው። ሠንጠረዡ ላይ «አስተማሪ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ሲታይ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

አስተማሪ ፖስት ላይ ሙያዬን ካወጣሁ ማን ይገዛኛል?

ይህንን የሚጠይቁት በተለይ እጃቸው የተመሰገነ እናቶች ናቸው፣ ስጋታቸውም የዋዛ አይደለም። መልሱ ግን በርበሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ ስናየው ይገለጣል። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማውና አዝሙዱ ለብቻቸው ይታመሳሉ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፣ ተመልሶ ይነፋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ከሥራ ማታ የምትገባ ሴት ይህንን ብታይ «ነገ እኔም ልሥራው» አትልም። «እንኳን የሚሠራልኝ ተገኘ» ነው የምትለው። ድካሙን ማሳየት ዋጋውንም ያስረዳል። መጠኑን ለራሳችሁ ያዙት፤ ለአምስት ኪሎ ዛላ ስንት ኮረሪማ እንደሚገባ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ሂደቱን አሳዩ፣ ልኩን ጠብቁ።

የወጥ ቤቱ ምሰሶ ላይ ደግሞ ምንም መሸሸግ አያስፈልግም። ሽሮ የሚጓጉለው ደረቅ ዱቄት የሚፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ሲወርድ ነው። የዱቄቱ ውጪው ወዲያው በስሎ ይለጠፍና ውስጡ ደረቅ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ መበጥበጥ ወይም እያማሰሉ ቀስ በቀስ መነስነስ ይፈታዋል። ይህ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። በአንድ በኩል የጓጎለውን፣ በሌላ በኩል የተስተካከለውን ድስት አሳዩ፣ በቃ። ሽሯችሁን ገዝታ ያበላሸች ሴት ጥፋቱን በዕቃው ላይ ማሳበቧን ትተዋለች። ይህ ለእናንተ ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ይጠቅማል።

ቀልድ አልችልም፤ አዝናኝ ፖስት ከየት አመጣለሁ?

አዝናኝ ማለት አስቂኝ ማለት ብቻ አይደለም። ሰው ሳይሰለች የሚያየው፣ አስተያየት ሳይሰጥ የማያልፈው ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ባልትና ቤት በዚህ በጣም ሀብታም ነው። ትኩስ የታመሰ ኮረሪማ ሲወቀጥ ያለው ድምፅ፣ ቀይ በርበሬ ሰፌድ ላይ ሲንቀረቀብ፣ ሲፈጭ ሁሉም ሰው ማስነጠሱ። ሙዚቃ ሳትጨምሩ ድምፁን እንዳለ ተዉት።

ሁለተኛው ምንጭ ክርክር ነው። በቴሌግራም ፖል «ሽሮ ላይ ቅቤ ይገባል ወይስ አይገባም?» ብላችሁ ብታወጡ የሚመጣውን ታያላችሁ። ክርክሩ ግን ስለ ምግብ ይሁን። የትኛው ብሔር ወይም የየት አገር ሰው ወጥ ይችላል ወደሚል ሲንሸራተት ኮሜንቱ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ለብራንዳችሁም የሚተርፍ ነገር የለውም። ሦስተኛው ምንጭ የቤት ውስጥ እውነት ነው፦ አማት ልትመጣ ነው ሲባል ወጥ ቤት የሚሆነው፣ ወንደላጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት ሲያቁላላ። እነዚህን ለመሥራት ኮሜዲያን መሆን አያስፈልግም። የሠፈር ልጅ ወይም የራሳችሁ ሠራተኛ ይበቃል፤ ፈቃዳቸውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቲክቶክ ላይ የቢዝነስ አካውንት ከሆናችሁ አንድ ነገር እወቁ። በየሰዉ ቪዲዮ ላይ የምትሰሙትን ዘፈን ሁሉ መጠቀም አትችሉም፤ ለንግድ የተፈቀዱ ድምፆች ስብስብ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ «ሁሉም የሚሠራው ዘፈን» ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ አታውጡ። የራሳችሁን የሙቀጫ ድምፅ ማንም አይከለክላችሁም።

የሽያጭ ፖስት እንዴት ይጻፍ? ዋጋ በኢንቦክስ ማለቱስ ችግር አለው?

ፖስቱ ሊሸጥ ከወጣ ሳያፍር ይሽጥ። ምን እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ የት እንደሚገኝ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ማድረሻ ካለ የማንን ሠፈር እንደሚያካትት ይናገር። አንድ ፖስት ላይ አንድ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ፎቶ አሥራ ሁለት ዕቃ የደረደረ ሰው የትኛው እንደሸጠለት አያውቅም።

«ዋጋ ኢንቦክስ» የሚለው ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሻጩ ምክንያት አለው፤ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ተፎካካሪም ያያል። ነገር ግን ለሚዛኑ ጉዳት አለው። ሰው የሚጽፍላችሁ ለዋጋ ብቻ ይሆንና የእውነተኛ ጥያቄዎች ኢንቦክስ በ«ስንት ነው?» ይሞላል። ቀደም ብለን ምሰሶ ያወጣንበት ምንጭ ይደርቃል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው ጠይቆ ውድ ከሆነ «ይቅርብኝ» ማለት ያሳፍረዋልና ከነጭራሹ አይጠይቅም። ዋጋው ከተቀያየረ «እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ዋጋ» ብሎ ቀን መጻፍ ይቻላል። ቀኑ ሲያልፍ ፖስቱን አስተካክሉ ወይም አጥፉት።

ጾምና በዓል ሲመጣ ሚዛኑ ይቀየራል?

ይቀየራል፤ ለምግብ ሻጭ ይህ ከምንም በላይ አስፈላጊው ክፍል ነው። በወር በወር እኩል የተከፋፈለ ዕቅድ ለባልትና አይሠራም፣ ምክንያቱም ገበያው የሚንቀሳቀሰው በጾምና በፍስክ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይሄዳል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። ዓመታዊ ካላንደር ላይ ቀድማችሁ እነዚህን አስምሩ፣ ከዚያ ፖስቶቹን በዙሪያቸው ደርድሩ።

ዐቢይ ጾምን እንውሰድ። ሽሮ የሚገዛው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ከቅበላ ሦስት ሳምንት በፊት ማስተማሩ ይጠንክር፦ የሽሮ እህል አመራረጥ፣ የተልባና የሱፍ አዘገጃጀት፣ ዱቄቱ እንዳይነቅዝ አቀማመጡ። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሽያጩ ከአምስት ፖስት ሦስቱን ቢይዝ ማንም ቅር አይለውም፤ ሰዉ ራሱ እየፈለገ ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ የሽያጩን ወደ አንድ አውርዱትና የወጥ ቤቱን ምሰሶ አምጡ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰው ሽሮና ምስር ይሰለቸዋል። «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለውን የምትመልሱለት ያኔ ነው፤ ሴቭ የሚደረጉ ፖስቶች በብዛት የሚመጡትም ያኔ ነው። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ በርበሬ ማስታወቂያ ደግሞ ከሆሳዕና በፊት ይውጣ። በሰሞነ ሕማማት የቅቤና የዶሮ ፎቶ መለጠፍ የሚያስቀይመው ደንበኛ ብዙ ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ብዙ ፔጆች ረቡዕና ዓርብ «የዛሬ የጾም ምግብ» የሚል ቋሚ ፖስት በሼጁል ያስቀምጣሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ያንን ፖስት ማቆም የረሳ ሰው «እናንተ የየት አገር ሰዎች ናችሁ?» የሚል ኮሜንት ይቆየዋል። ደንበኞቻችሁ መካከል ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶችም አሉና «ጾም ነው» ብላችሁ ለሁሉም ከማወጅ «ለምትጾሙ» ማለት ይሻላል።

ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አንድ አይነት ሚዛን ልጠቀም?

ምሰሶዎቹ አንድ ይሁኑ፤ ሚዛኑ ግን ይለያይ። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን የሚያየው በአብዛኛው የማያውቃችሁ ሰው ነው። እዚያ ማዝናናትና ማስተማር ይብዛ፤ የሽያጭ ፖስት በወር ሁለት ቢሆን በቂ ነው። የራሳችሁን ዕቃ ስታስተዋውቁ ቲክቶክ የንግድ ይዘት መሆኑን የሚገልጸውን ማብሪያ እንድታበሩ ይፈልጋል፤ አብሩት።

ቴሌግራም ቻናል ሌላ ነው። እዚያ የገባ ሰው ፈልጎ፣ ሊንኩን ተጭኖ ነው የገባው፤ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ያየዋል። ግማሹ ፖስት ሽያጭ ቢሆን አይከፋውም፤ የሚከፋው በቀን አምስቴ ስልኩ ሲጮህ ነው። ስለዚህ የዕለቱን ዕቃዎች በአንድ ላይ፣ ያለ ድምፅ ማሳወቂያ ላኩ። ፌስቡክ በሁለቱ መካከል ነው። ረዘም ያለ ጽሑፍ የሚያነቡና ለዘመድ ሼር የሚያደርጉ ሰዎች እዚያ አሉ፣ ውጭ አገር ያሉትም ጭምር፤ የመንገደኛ ምሰሶ እዚያ ጥሩ ይሄዳል።

ሚዛኑ እንደተዛባ በምን አውቃለሁ?

ላይክ አይነግራችሁም። ለየዓላማው የተለየ ነገር ተመልከቱ። አስተማሪ ፖስት ከሠራ ሴቭና ሼር ይደረጋል። አዝናኝ ከሠራ ኮሜንት ይበዛል፣ አዲስ ሰው ያያል። የሽያጭ ፖስት ከሠራ ስልክ ይደወላል። የሽያጭ ፖስትን በላይክ፣ ቀልድን በትዕዛዝ ብዛት መመዘን ሁለቱንም መበደል ነው።

በአራት ሳምንት አንዴ 20ዎቹን ፖስቶች ሠንጠረዡ ላይ መልሳችሁ አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ «ከየት አገኙን?» ብሎ መጠየቅና በደብተር መመዝገብም አለ፤ ያለ እሱ ግምት ብቻ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ይታያል። ተመልካች እየበዛ ትዕዛዝ ባለበት ከቆመ፣ ማዝናኛው ከምሰሶ ወጥቷል ማለት ነው፦ ሰዉ ለቀልዱ እንጂ ለበርበሬው አልመጣም። መድኃኒቱ ማዝናኛውን መቀነስ ሳይሆን ወደ ወጥ ቤት መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ሴቭ ብዙ ሆኖ የሚደውል ከሌለ፣ እያስተማራችሁ ዕቃው እናንተ ጋ እንዳለ አልነገራችሁም። ከአስተማሪው ማግስት በዚያው ርዕስ የሽያጭ ፖስት አውጡ። ሦስተኛው፣ ቴሌግራም ስታቲስቲክስ ላይ ማሳወቂያ ያበሩ ሰዎች መቶኛ እየወረደ ከመጣ ሽያጩ በዝቷል፣ ወይም ሰዓቱ መጥፎ ነው። ሰዎች ከቻናሉ ከመውጣታቸው በፊት ድምፁን ነው የሚያጠፉት፤ ይህ ቁጥር ቀድሞ ይነግራችኋል።

በአንድ ሳምንት ውጤት ግን አትደናገጡ። የደመወዝ ሰሞንና የወር አጋማሽ አንድ አይደሉም። ቢያንስ ሙሉ ወር ከሙሉ ወር አወዳድሩ፤ የጾም ወርን ከጾም ወር።

በርበሬ ላይ ሸክላ ይደባለቃል የሚል ወሬ ሲነሳ ምን ልፖስት?

ወሬው በየጊዜው ይነሳል፣ ሰዉም መደንገጡ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ስሜት «እኛ ንጹሕ ነን፣ ሌሎቹ ግን…» ማለት ነው። አታድርጉት። ሌላውን መክሰስ ገበያውን በሙሉ ያስፈራራል፤ የፈራ ሰው ከእናንተም አይገዛም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በማስረጃ ልታሳዩት የማትችሉትን «ብቸኛው ንጹሕ» አትበሉ። «የደም ግፊት ያድናል» አይነት የጤና ተስፋም እንዲሁ፤ ምግብ ሻጭ መድኃኒት ቸርቻሪ አይሁን።

በዚያ ሳምንት የሽያጭ ፖስቶችን አቁሙና የአዘገጃጀት ምሰሶውን ብቻ አውጡ። ዛላው ከጆንያ ሲወጣ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ደርሶ እስኪታሸግ ሳይቆራረጥ ቅረጹ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ደንበኛ በሩን ክፈቱ። የላቦራቶሪ ውጤት ካላችሁ ቀኑ የሚታይበትን ወረቀት አሳዩ። ወሬው ሲረግብ ወደ ዕቅዱ ትመለሳላችሁ፤ ቪዲዮው ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

አንድ ምሰሶ ተመልካች ካጣ ልጣለው?

ሳትቸኩሉ። የመንገደኛውን ምሰሶ እንየው። የሽሮ ክርክር ሺዎች ሲያዩት «በርበሬ ለሻንጣ እንዴት ይታሸጋል?» የሚለውን ጥቂቶች ያዩታል። ነገር ግን ያየው ሰው እህቱ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዋሽንግተን የምትበር ነው። ግማሽ ኪሎ አይገዛም፤ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሦስት ኪሎ ሽሮ፣ ሚጥሚጣም ጨምሮ ይገዛል። የደብተሩ መዝገብ ከሌላችሁ ይህንን አታዩትምና ምሰሶውን ትጥሉታላችሁ።

እንዲህ ያለውን ምሰሶ በወር ሁለት ፖስት ያህል አቆዩት፣ ዕውቀቱን ግን አጥልቁት። ድርብ ላስቲክ በሙቀት ታሽጎ፣ ላዩ ላይ የዕቃው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሁን። ቋንጣና ቅቤ ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሻንጣ ማስገባት እንደማይፈቀድ ንገሩ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የያዘውን ምግብ በሙሉ ማስመዝገብ እንዳለበትም ጨምሩበት። ይህንን ነግራችሁ አንድ ኪሎ ቋንጣ ሳይሸጥ ቢቀር እንኳ ሰውየው አየር ማረፊያ ላይ ዕቃው ሲጣል አያማርራችሁም።

በተቃራኒው፣ ሦስት ወር ሙሉ ሴቭም፣ ኮሜንትም፣ ትዕዛዝም ያላመጣ ምሰሶ ካለ አውጡት። በምትኩ አዲስ ከመፍጠራችሁ በፊት ኢንቦክሱን እንደገና ክፈቱና የጥያቄ ምልክቶቹን እንደገና ቁጠሩ።